ዙሌካ የገዛችው የማኪያቶ ማሽን

ኑሪ እግሩ በጀሶ ታስሮ መካኒሳ ከቤቱ መዋል ከጀመረ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲጎትት አንድም ቀን ሳይገለበጥ ኖሮ፣ ሚሌ ላይ መኪናውን አቁሞ ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ሸርተት አለና ቅልጥሙን ሰበረው። ሐኪሙም «ሦስት ወር ሙሉ በዚህ እግር መሬት አትረግጥም» አለው። ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው።

ሚስቱ ዙሌካ ልብስ ሰፊ ናት። ሲንጀሯን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ ትሰፋለች። ሰውዬው ስለ እግሩ ሲያማርር ሰምታው አታውቅም። የሚያማርረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ነበር፤ ያውም በአፉ ሳይሆን በዓይኑ። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር በዚያ ሰዓት ብስራተ ገብርኤል ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ከሹፌር ጓደኞቹ ጋር ኬክ ቤት ተቀምጦ፣ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ይጠጣ ነበር። አሁን ሦስት ሰዓት ሲሆን ትራሱን ደገፍ ብሎ በመስኮቱ አሻግሮ ያያል። የጀበናውን ቡና ብትሰጠው ይጠጣል፤ አመስግኖም ስኒውን ይመልሳል። ፊቱ ግን አይፈታም።

መጀመሪያ ቴርሞስ ይዛ ሄደች። ኬክ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ላይ የሚሠሩት ጋሽ መዝገቡ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ኬክ ቤቱ የጣልያኖች ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያቺን ባለ ዘንግ ማሽን ሲጎትቱ የኖሩ። ቴርሞሷን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ቤት እስክትደርሺ ይሞታል።»

«ለኑሪ ነው ጋሼ። ለሹፌሩ።»

ስሙን ሲሰሙ ሦስት ማኪያቶ ሠርተው ቴርሞሷ ውስጥ ገለበጡላት፤ ለአንዱም ሒሳብ አልተቀበሏት። ዙሌካ ጭቃውን እየዘለለች፣ እንዳይናጥ ቴርሞሷን በደረቷ አቅፋ፣ መካኒሳ ደረሰች። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ግን እንደተባለው ነበር፤ አረፋው የለም፣ ቡናውና ወተቱ ተደባልቀው የጎርፍ ውሃ መስለዋል። ኑሪ ቀመሰና «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ቡና በወተት ነው» አላት። ማኪያቶ ነው አላለም።

በዚያው ሳምንት ቡዜ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ቡዜ ሁለት ቤት አልፋ ያለች ጎረቤት ስትሆን፣ ከአሰብ በመርከበኞች በኩል የሚገባ ዕቃ፣ ሽቶ ቢሉ ጨርቅ ቢሉ ሬዲዮ፣ በጓሮ በር ትሸጣለች። የቴርሞሱን ነገር ስትሰማ ሜትሩ ከወገቧ ሳይፈታ ሳቀች።

«አንቺ ሴት፣ እኔ ቤት ያለውን ብታይ ብስራተ ገብርኤል ትመላለሺ ነበር?»

አልጋዋ ሥር የነበረው ካርቶን ላይ አንዲት ፈረንጅ ስኒ ይዛ ትስቃለች። ውስጡ ትንሽ ጥቁርና ብርማ ማሽን አለ፤ ቁመቱ ከጠረጴዛ ሬዲዮ አይበልጥም። ከላይ የሚጠመዘዝ ክዳን፣ ከፊቱ እጀታ ያለው የቡና መያዣ፣ ከጎኑ ወተት በእንፋሎት የሚያሞቅ ቀጭን ቱቦ። «ፈረንጅ አገር የሌለበት ቤት የለም» አለች ቡዜ። «የኬክ ቤቱን ትልቅ ማሽን ለመግዛት ቤት መሸጥ አለብሽ። ይሄ ደግሞ ያው እሱ ነው፤ ልጁ በይው።»

ዋጋው ልጅ አልነበረም፤ መቶ ስድሳ ብር። ዙሌካ ዚግዛግ የሚሰፋ መኪና ለመግዛት ሁለት ዓመት ካጠራቀመችው እኩሌታው ማለት ነው። ሁለት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ቀን ኑሪ በመስኮቱ ሲያይ አየችውና ሄዳ ገዛችው።

ጠዋት ገዲሴ ወተት ይዛ ስትመጣ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ተሰይሟል። ገዲሴ ከለቡ በኩል ነው የምትመጣው፤ ላሞች አሏት፤ ከመካኒሳ ደንበኞቿ ሁሉ ዙሌካን ትወዳለች። ቡናው እስኪደርስ ቆማ ጠበቀች። ዙሌካ ቡናውን በሙቀጫ ወቅጣ መያዣው ላይ ሞላችው፤ ጥሩ ይሆናል ብላም በማንኪያ ጀርባ ጠቅጥቃ ጠቀጠቀችው። ውሃ ሞልታ ክዳኑን ጠመዘዘች፤ ሶኬቱን ሰካች። ማሽኑ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቆይቶ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ እያስነጠሰና እንፋሎት እየተፋ ጥቁር ውሃ ከሥሩ ባስቀመጠችው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ማንጠባጠብ ጀመረ። ማንቆርቆሪያዋ እስክትሞላ ጠበቀች። ከዚያ ቱቦውን ወተት ውስጥ ነክራ ቁልፉን ስትከፍት ጥቂት ጊዜ ፉጨት አሰማና እንፋሎቱ አለቀ። ወተቱ ለብ ከማለት አላለፈም።

ኑሪ ተቀበለና ጠጣ። «ይጣፍጣል» አላት።

ዙሌካ ሃያ ዓመት አብራው ኖራለች። ስኒውን ከእጁ ወስዳ ራሷ ቀመሰችው። አሮ የተጣለ ቡና ይመስል ነበር፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ደግሞም ቀጭን ነው።

«ወላሂ አትዋሸኝ» አለችው። «የዚግዛጌን ገንዘብ ነው ያጠፋሁበት እኮ!»

ኑሪ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። ከዚያ ከስድስት ሳምንት ወዲህ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ «እስቲ ካቻቢቴዬን አምጪልኝ፤ ፒንሳውንም» አለ።

እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ አልጋው ላይ ጋዜጣ አነጠፈና ማሽኑን ፈታው። ብሎኖቹን በክዳን ላይ በተራ ደረደራቸው። ዙሌካ በመጀመሪያ መልሶ አይገጥመው ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር፤ ኋላ ግን ሰውዬው እያፏጨ መሆኑን ሰማችና መርፌዋን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስሚ» አላት። «የእኔ መኪና ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው። አየሩን የሚጨምቅ ፓምፕ አለ። ይቺ ግን ፓምፕ የሚባል የላትም። ከታች ማሞቂያ፣ ከላይ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ እንዳያፈስ የሚያጠብቅ ጎሚኒ፣ አንዲት ቫልቭ፤ በቃ። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ መውጫ ሲያጣ ውሃውን በቡናው ውስጥ ይገፋዋል።»

«ታዲያ ተበልቻለሁ?»

«ዕቃዋ አልተበላሸችም። አቅሟ ነው። ቮልስዋገን ላይ ተሳቢ ቢቀጥሉበት ማን ይወቀሳል?» ፈገግ አለ። «ለጋሽ መዝገቡ ንገሪያቸው። ይቺን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።»

ጋሽ መዝገቡ ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ ሰኞ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። በሌላው እጃቸው ዘንቢል አለ። ኑሪ ማሽኑን መልሶ ገጥሞት ስለነበር ዙሪያውን ሲያዩት ቆዩና «ቡናሽን አሳዪኝ» አሏት ዙሌካን። የወቀጠችውን በመዳፋቸው ዘርግተው በጣታቸው አሹት።

«ቡናው ጥሩ ነው። አቆላሉም ደህና ነው። ይሄ ግን እኩሌታው ዱቄት፣ እኩሌታው ጠጠር። ለጀበና ችግር የለውም፤ ፈልቶ ይበስላል። እዚህ ግን ውሃው የሚያልፈው በጥቂት ሰኮንድ ነው። ውሃ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በጠጠሩ በኩል ምንም ሳይዝ ሾልኮ ይሄዳል፤ ከዱቄቱ ደግሞ ምሬቱን ጨምቆ ያወጣል።»

ከዘንቢላቸው መሳቢያ ያላት የእንጨት የእጅ መፍጫ አወጡ። ጭናቸው መሃል አድርገው ከላይዋ ያለችውን እጀታ ማዞር ጀመሩ። መሳቢያው ሲከፈት ቡናው ከደቃቅ ጨው ትንሽ ሻከር ያለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

«አሁን ስለ ማሽኑ» አለ ኑሪ፤ ጓጉቷል።

«የኬክ ቤቷን ማሽን ዘንግ ስጎትት ስፕሪንጓ ይጨመቃል። ስለቃት ስፕሪንጉ ውሃውን በዘጠኝ አትሞስፌር ግፊት ቡናው ላይ ይጫነዋል። ውሃው ደግሞ አይፈላም፤ ከመፍላት ዝቅ ያለ ነው። ያ ወፍራም ወርቃማ አረፋ ከዚያ ግፊት ነው የሚመጣው። ይቺ ሁለት አትሞስፌር ብትደርስ ነው፤ ለዚያውም ውሃውን እያፈላች። ቡናውን ታሳርረዋለች።»

«አላልኩሽም!» አለ ኑሪ፤ ትራሱን በቡጢ መታው።

«ቆይ፤ ጥፋቱ ሁሉ የእሷ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። የፈጩትን ቡና መያዣው ላይ ጨመሩና ሳይጠቀጥቁ በጣታቸው ብቻ አስተካከሉት። ማሽኑ ማንጠባጠብ ሲጀምር የመጀመሪያው ወፍራም ቡና ሁለት ጣት ያህል እንደወረደ ስኒውን ሳቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ገርጣ ያለ ውሃ በሌላ ስኒ ተቀብለው ዙሌካን አሸተቷት። «ያን ቀን የጠጣችሁት ይሄን ጨምራችሁ ነው። እንፋሎቱንም ቡናው ጨርሶታል፤ ለወተቱ አልተረፈም።» ሁለት ጣቱን ቡና ቀመሱት። አያስጠላም ነበር። ጥሩ ማለት ግን አይቻልም፤ ትንሽ የቃጠሎ ጣዕም አልለቀቀውም።

ቀጥለው ከዘንቢሉ ጎኗ የተጨረማመተ አሉሚኒየም ሞካ አወጡ። ዙሌካ እንዲህ ያለውን የጣልያን ጀበና በየምናምንቴው ዕቃ መሃል ወድቆ አይታው ታውቃለች፤ ቁም ነገር ብላ አንስታው አታውቅም። ጋሽ መዝገቡ በታችኛው ክፍል እስከ ቫልቯ ጥግ ሙቅ ውሃ ሞሉ። ቡናውን በልኩ ጨመሩ፤ አልጠቀጠቁትም። በጨርቅ ይዘው አጥብቀው ገጠሙና የኤሌክትሪክ ምድጃውን ዝቅ አድርገው ጣዷት። ክዳኗን ከፍተው ተዉት።

«ክፍት አድርገሽ እዪው እንጂ ጥለሽው አትሂጂ። እሳቱ ከበዛ ይሄም ያርራል።»

ቡናው እንደ ማር እየተዝለገለገ ቀስ ብሎ ወጣ። ቀለሙ መገርጣት ሲጀምር፣ ማጉረምረም ሳይመጣ፣ አነሱትና ታችኛውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጡት፤ ጭስስ አለ፤ ቡናውም መውጣቱን አቆመ። ከመጀመሪያው ጠብታ ጥቂት አስቀድመው በስኳር ላይ አንጠባጥበው ስለነበር፣ ስኳሩን በማንኪያ ሲመቱት ነጣ ብሎ አረፋ ሆነ፤ ቡናውን በላዩ ቀዱበት። «የሞካ ቡና እንደ እኔ ማሽን አረፋ አያወጣም። ይሄ ትንሽ ማታለል ነው» ብለው ጠቀሷት። ስኳሩ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የመጣ ነውና ዙሌካ ማንኪያዋን በዓይኗ ቆጠረች፤ አንድ ተኩል ብቻ ነበር።

ገዲሴ ያመጣችውን ወተት ዙሌካ ጠዋት አፍልታ አቀዝቅዛዋለች። እሱን እንደገና አሞቁት፤ ጣት ነክረው እስከማይታገሱት ድረስ ብቻ፤ እንዲፈላ አልተዉትም። የማርማላታ ብርጭቆ በሙቅ ውሃ አለቅልቀው እስከ ግማሽ ሞሉት፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ በፎጣ ጠቀለሉትና ለዙሌካ ሰጧት።

«ናጪው።»

«እንደ ቅቤ?»

«እንደ ቅቤ፤ ግን ቶሎ ቶሎ።»

ዙሌካ ናጠችው። ሲከፈት ወተቱ እጥፍ ሆኗል። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ቀስ ብለው መቱት፤ ትላልቆቹ አረፋዎች ፈነዱና ደቃቁ ቀረ። ቡናው ላይ ገለበጡት። ቡናማው ክብ በነጩ ዙሪያ ሲወጣ ዙሌካ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኑሪ ወዲያው አልጠጣም። ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንስቶ አየው። ከዚያ ፉት አለ፤ ጢሙ ላይ አረፋ ቀረ።

«የእኔን አይደርስም» አሉ ጋሽ መዝገቡ ቀድመው።

«አይደርስም» አለ ኑሪ። ደግሞ ፉት አለ። «ግን ማኪያቶ ነው።»

በማግስቱ ዙሌካ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄደች። ሞካው በአስር ብር ተገኘ፤ ጎሚኒው ደርቆ ስለነበር ኑሪ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ሊቆርጥለት ሲል ጋሽ መዝገቡ ሰምተው ተቆጡ፤ «ጎማ ልትጠጣ ነው?» ብለው አዲስ ሰጡት። መፍጫው ዋጋው ከሞካው እጥፍ ሆነ። ዙሌካ ስትደራደር ቆማ ሳለ ሽማግሌው የነገሯት ትዝ ይላት ነበር፤ «ገንዘብ ካነሰሽ ከሁሉ በፊት መፍጫ ግዢ። ጥሩ መፍጫ ያለው ሰው በድስትም ቢያፈላ ይጠጣል።»

የቀረው የማሽኑ ጉዳይ ነው። ቡዜ «የተሸጠ ዕቃ አልመልስም» አለች። ክፉ ሴት ግን አልነበረችም፤ በሳምንቱ ገዢ ይዛ መጣች። ጤናዬ ትባላለች፤ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ በቅርቡ አግብታ ቆጣሪ ያለው ቤት ተከራይታለች። ቡዜ ዙሌካን ወደ ጓዳ ጎትታ «በገዛሽበት ትወስደዋለች። አንቺ ብቻ ዝም በይ» አለቻት።

ዙሌካ ዚግዛጓን አሰበች። ውሃውን በማሽኑ ውስጥ ጨመረች። እጇ ግን አላርፍ አላትና ሞካውንም አብራ ጣደችው። ሁለቱን ለየብቻ ቀድታ ጤናዬ ፊት አስቀመጠች። ልጅቷ ከአንደኛው ቀመሰች፣ ከሁለተኛው ቀመሰች፤ ወደ መጀመሪያው ስትመለስ ግንባሯ ተቋጠረ።

«የትኛው ነው የማሽኑ?»

ዙሌካ አሳየቻት።

ጤናዬ ማሽኑን ዳሰሰችው፤ መልኩ እንደማረካት ያስታውቃል። ከዚያ ቀና ብላ «እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይገዙታል?» አለቻት።

ቡዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። ኑሪ ከአልጋው ላይ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«አንዴ ገዝቼዋለሁ» አለች ዙሌካ። «ሁለተኛ አልገዛም። በዚህ ገንዘብ ሞካና መፍጫ ገዝተሽ፣ ለአንድ ዓመት የሚሆን ቡና ይተርፍሻል። እውነተኛ ማሽን ካማረሽ ደግሞ በዚህ ዋጋ አይገኝም፤ ኬክ ቤት ሄደሽ መጠጣት ይሻላል።»

ጤናዬ ሳቀች፤ አመስግናም የምናለሽ ተራውን ሱቅ ጠይቃ ወጣች። ቡዜ በሩ ላይ ቀርታ «ጅል ነሽ!» ብላ ጮኸችባት፤ ነጠላዋን አጣፍታም ሄደች። ዙሌካ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ያን ያህል ብር እንደ ጉም ሲተን ማየት ቀላል አይደለም።

«ተናደድክ?» አለችው ኑሪን።

«እኔ?» አለ። «ገበያዬን የከፈትሽልኝ አንቺ፣ እናደዳለሁ? ከዚያ ሱቅ የሚገዛ መፍጫ ሁሉ ጥገና አያጣም።»

ለካ የምሩን ኖሯል። በሳምንቱ ጤናዬ ሁለት ባልደረቦቿን ይዛ መጣች። ምናለሽ ተራ ሞካ አግኝተዋል፤ መፍጫዎቹ ግን ወይ ጥርሳቸው የዶለዶመ፣ ወይ እጀታቸው የተሰበረ ነው። ኑሪ አንዱን ተቀብሎ ፈታው፤ ጥርሱን በሞረድ አሾለው፤ መሃሉ የሚወላገድበትን በቀጭን ቆርቆሮ ቀለበት አጠበቀው። ሲፈጭ ቡናው ሁሉም እኩል ደቅቆ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን በመስኮቱ አሻግሮ የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም። ጀሶው እስኪፈታ አስራ አንድ መፍጫ አዳነ። ቡዜም ኩርፊያዋ ከሁለት ሳምንት አላለፈም፤ የተሰበሩትን ከየቦታው እየሰበሰበች ታመጣለች፣ ኑሪ ይጠግናል፣ እሷ ትሸጣለች።

ማሽኑ ዙሌካ ዘንድ ቀረ። አንድ ቀን የሙሽራ ከፋይ ቀሚስ ስትሠራ ካውያው ጸጉሩን አስተኛባት፤ ከፋይ ደግሞ ከተኛ አይነሳም። ቢጨንቃት ያቺን ቀጭን ቱቦ ከፈተች፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ አስተፍታ እንፋሎቱን በጀርባው በኩል ለቀቀችበት። ጸጉሩ ብድግ አለ። ከዚያ በኋላ የከፋይና የኮት ኮሌታ ሥራ ሲመጣ ሶኬቱን ትሰካለች። ያም ሆኖ ዋጋውን ያወጣል ብላ ራሷን አልዋሸችም፤ ዚግዛጓን ለመጪው ዓመት አሻገረቻት።

ጥቅምት ላይ ኑሪ ወደ መንገዱ ተመለሰ። እግሩ ትንሽ ቢያነክስም ክላቹን ይረግጣል። ሞካውን፣ አንድ መፍጫና የማርማላታ ብርጭቆ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከወንበሩ ኋላ አኖረ። ለዙሌካ ሌላ ሞካ ገዝቶላታል። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ አቧራውን ሳያራግፍ ወሬ ጀመረ። ሎጊያ ላይ አምስት ተሳቢዎች ቆመው ሳለ ቡታጋዝ ከመኪናው ጥላ ሥር ለኩሶ አፍልቶላቸዋል። ወተቱ የግመል ነበር።

«አረፋ ወጣው?» አለች ዙሌካ።

«ወጣው! ትንሽ ጨው ጨው ቢልም ወጣው። አንዱ ሹፌር አልንጥም ብሎ ነበር፤ የሴት ሥራ ነው አለኝ። ከቀመሰ በኋላ ሁለተኛውን ራሱ ናጠ።»

ዙሌካ ሳቀች፤ ጫማውን ከእጁ ተቀብላ በሩ ሥር አስቀመጠችና መፍጫዋን አንስታ ከጎኑ ተቀመጠች። ገና ብዙ የሚያወራት ነበረው፤ እሷም እያዞረች ትሰማው ጀመር።